ጥር ላይ 48,000፣ ሐምሌ ላይ 4,000፦ የአንዲት የደብረ ማርቆስ ልብስ ሰፊ የገቢ አያያዝ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሐበሻ ልብስ የምትሰፋ አንዲት ባለሙያ በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር የጨርቁ፣ የክሩ፣ የረዳቷና የሱቅ ኪራዩ ወጪ ተቀንሶ 48,000 ብር ተረፋት። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የተረፋት 4,000 ብር ብቻ ነው። እናቷንና ሁለት ልጆቿን የምታኖረው በዚህ ገቢ ነው። ደንበኛ አልሸሻትም፣ እጇም አልቦዘነም፤ ሆኖም ነሐሴን የገፋችው ከዘመድ 12,000 ብር ተበድራ ነው። ከዚህ በታች ያለው፣ ገቢዋ ምንም ሳይጨምር (እንዲያውም ቀንሶ) በቀጣዩ ዓመት ያለ ብድር እንዴት እንደከረመች የሚያሳይ ዝርዝር ነው። ማንነቷ እንዳይታወቅ ስሟንና የሱቋን ቦታ ትተነዋል።

ዕቅዱን አብረናት ስናወጣ መጀመሪያ የተሠራው ዓመቱን በወር በወር መልሶ መቁጠር ነበር። የትዕዛዝ ደብተሯ ደህና ተይዞ ስለነበር ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። አንድ ሕግ ግን አስፈለገ፦ ገንዘብ እንደ ገቢ የሚቆጠረው ልብሱ ተሰፍቶ ደንበኛው ተቀብሎ በሄደበት ወር ነው፤ ቀብድ በተያዘበት ወር አይደለም። በዚህ አቆጣጠር የ2016 ዓ.ም. የተጣራ ገቢ፣ በሺህ ብር፣ ይህን ይመስላል፦

መስከረም 26፣ ጥቅምት 14፣ ኅዳር 9፣ ታኅሣሥ 22፣ ጥር 48፣ የካቲት 17፣ መጋቢት 6፣ ሚያዝያ 27፣ ግንቦት 33፣ ሰኔ 16፣ ሐምሌ 4፣ ነሐሴና ጳጉሜ አንድ ላይ 18።

ድምሩ 240,000 ብር ነው፤ ለ12 ሲካፈል በወር 20,000 ይደርሳል። እሷ ግን ራሷን የምታየው እንደ ጥሩ ወር ሰው ነበር። ጥር ላይ ቤቱ በ30,000 ይኖራል፣ ሶፋ ይለወጣል፣ የዘመድ ሠርግ ላይ ጠቀም ያለ ስጦታ ይሰጣል፤ መጋቢት ላይ ደግሞ ዘይት በብርጭቆ ይገዛል። ከ12 ወራት ውስጥ አማካዩን 20,000 ያለፉት አምስት ወራት ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ሰባቱ ከእሱ በታች ናቸው። ይህን ቁጥር አንድ ገጽ ላይ ተዘርግቶ እስክታየው ድረስ ክፉዎቹን ወራት እንደ አጋጣሚ ትቆጥራቸው ነበር።

የተበላው ቀብድ

የችግሩ ሥር ግን ከወራቱ መለዋወጥ ይልቅ ቀብዱ ላይ ነው። ሐምሌ 2016 ሲያልቅ እጇ ላይ ለእንቁጣጣሽ የሚደርሱ ሰባት ትዕዛዞች ነበሩ። የተቀበለችው ቀብድ በድምሩ 21,000 ብር ነው። ለሰባቱም ገና ጨርቅ አልተገዛም። በሣጥኗና በሂሳቧ ያለው ሁሉ ሲቆጠር 3,800 ብር ተገኘ። ስለዚህ 17,200 ብር ተበልቷል ማለት ነው፤ 12,000ው ለግብርና ለንግድ ፈቃድ እድሳት፣ 5,200ው ለቤት ወጪ ሄዷል።

ይህን ቁጥር ማንም ባለ ትዕዛዝ ሠራተኛ፣ አናጺም ሆነ ብየዳ ቤት ያለው፣ በአሥር ደቂቃ ሊያገኘው ይችላል። ላልተሠሩ ትዕዛዞች የተቀበሉትን ቀብድ ደምሮ፣ ለእነዚሁ ትዕዛዞች እስካሁን የተገዛውን ዕቃ መቀነስ፤ ከዚያ ላይ በእጅ ያለውን ጥሬ ገንዘብ መቀነስ። የቀረው ቁጥር ከዜሮ በላይ ከሆነ ያ የተበላ የሰው ገንዘብ ነው። ባለ ሥራው እስኪቆጥረው ድረስ አይታየውም፤ ምክንያቱም የአዲሱ ደንበኛ ቀብድ የድሮውን ደንበኛ ጨርቅ እየገዛ ወራት ይሸፋፍነዋል። የሚታወቀው ትዕዛዝ የቆመ ዕለት ነው።

ውጤቱ ነሐሴ ላይ ወጣ። የነሐሴና የጳጉሜ የተጣራ ገቢ 18,000 ብር ቢሆንም፣ 17,200ው ሐምሌ ላይ ስላለቀ ለኑሮ የቀረው 800 ብር ነበር። ያን ሁሉ ሌሊት ሰፍታ ያገኘችው ይህን ነው። ብድሩም የመጣው ከዚህ ነው።

ሌላም ጉድለት ተገኘ። በአማካይ የምትቀበለው ቀብድ በአንድ ልብስ 3,000 ብር ሲሆን፣ ጨርቁና ክሩ ግን 3,500 ያህል ይፈጃል። ቀብዱ ባይበላ እንኳ ለጨርቁ አይበቃም ማለት ነው፤ ቀሪውን ከኪሷ ታበድራለች። ደንበኛው ልብሱን ሳይወስድ ቢቀር ኪሳራው የእሷ ነው። ስለዚህ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ቀብዱ የዋጋው ግማሽ ሆነ። አንድ የሙሽራ ቀሚስ 9,000 ብር ቢጠየቅ ቀብዱ 4,500 ነው፤ ጨርቅና ክሩ 4,200፣ የረዳቷ የጥልፍ ክፍያ 1,200፣ ለእሷ የሚተርፈው 3,600 ነው። ቀብዱ በተቀበለችበት ቀን በትዕዛዙ ቁጥር በፖስታ ይታሸጋል፤ ፖስታው የሚከፈተው ጨርቅ ሊገዛ ሲኬድ ብቻ ነው። አንዳንድ ደንበኛ ጭማሪውን ሲሰማ ቅር ይለዋል። የምትመልሰው ቃል አንድ ነው፦ «ጨርቁ እስኪገዛ ድረስ ብሩ የእርስዎ ነው፣ ስምዎ ተጽፎበት ይቀመጣል።» በዚህ ምክንያት ትተዋት የሄዱት ሁለት ናቸው።

ደመወዙ እንዴት ተቆረጠ

ቀጥሎ ከሱቁ ገቢ በየወሩ ለቤቷ የምትወስደውን እኩል ደመወዝ ለመወሰን የቤቱ ወጪ ተጻፈ፦ የቤት ኪራይ 3,500፣ ምግብና ከሰል 6,200፣ ትምህርት ቤት 1,500፣ ዕድርና ማኅበር 300፣ መብራት፣ ስልክና ትራንስፖርት 700፣ ለሕክምናና ለልብስ 800። ድምር 13,000 ብር።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው አማካዩን ደመወዝ በማድረግ ነው። 20,000 በወር ብትወስድ ዓመቱ ሲያልቅ ለግብር፣ ለክፉ ቀን፣ ለማሽን ጥገና ምንም አይተርፍም፤ ዓመቱም ትንሽ ከደከመ ጉድለቱ ተመልሶ ቀብድ ላይ ይወድቃል። ትክክለኛው ስሌት ከክፉ ዓመት ይነሣል። ገቢው በአምስተኛ ቢቀንስ 192,000 ይሆናል። ከዚህ ላይ ግብርና ፈቃድ 12,000፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ 24,000 ሲነሣ 156,000 ይቀራል፤ ለ12 ሲካፈል 13,000 ነው። የቤቱ ወጪና ስሌቱ ገጠሙ። ባይገጥሙ ኖሮ መቀነስ ያለበት ወጪው ነበር።

ጳጉሜን የረሳ በጀት ጎዶሎ ነው። አከራይ ለጳጉሜ አያስከፍልም፣ ሆድ ግን አምስቱንም ቀን (በየአራት ዓመቱ ስድስት) ይበላል፤ በዚያ ላይ የእንቁጣጣሽ ዶሮና ቅቤ የሚገዛው በእነዚያ ቀናት ነው። ስለዚህ ለጳጉሜ ለብቻ 3,000 ብር ተመደበ።

ደመወዙ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ሂሳብ ወደ ሌላ ይዛወራል። ሁሉም የሱቅ ገቢ የሚገባበትን ሂሳብ ቋት ብለን እንጠራዋለን፤ እንደ ወፍጮ ቤት ቋት ከላይ እህሉ በአንድ ጊዜ ይገለበጣል፣ ከታች ግን በልክ ይወርዳል። ጥር ላይ 46,000 ቢገባም የሚወርደው 13,000 ነው፤ ሐምሌ ላይ 3,000 ቢገባም እንዲሁ። የክፉ ቀን ገንዘብ ደግሞ ሦስተኛ ሂሳብ አለው። ቋትንና የክፉ ቀን ገንዘብን መለየት የሚያስፈልገው ሥራቸው ስለሚለያይ ነው። የሐምሌ ገበያ መቀዝቀዝ ክፉ ቀን አይባልም፤ በየዓመቱ የሚመጣ፣ ቀኑ የታወቀ ነገር ስለሆነ የቋት ድርሻ ነው። እናት ስትታመም፣ የማሽን ሞተር ሲቃጠል፣ ያ የክፉ ቀን ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ከተቀመጡ ሐምሌ ሁለቱንም ይበላቸዋል።

የክፉ ቀኑ ግብ 28,500 ብር ሆነ፤ ወጪው እጅግ ተጨምቆ በወር 9,500 ቢሆን ለሦስት ወር የሚበቃ ነው። ከዚህ ውስጥ 4,000ው ቤት ውስጥ በጥሬው ተቀመጠ፣ ቀሪው ኤቲኤም ካርድ ባልወጣበት የባንክ ሂሳብ። ጥሬው ለምን እንዳስፈለገ ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያሻም። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ መንገድ ሲዘጋ ባንክም በሩን ይዘጋል። የሁለት ሳምንት ምግብና አንድ የክሊኒክ ክፍያ በእጅ መኖር አለበት። ከዚያ በላይ ቤት ማስቀመጥ ግን ለሌባም ለራስም ያጋልጣል። ባንኩ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ በዓመት 7 በመቶ ነው፤ 20,000 ብር በዓመት 1,400 ይወልዳል። የገበያው ዋጋ ከዚያ ፈጥኖ ስለሚወጣ ይህ ገንዘብ የተቀመጠው በሚፈለግበት ቀን እንዲገኝ እንጂ እንዲያተርፍ ታስቦ አይደለም።

ዕቁብን በተመለከተ፣ በሳምንት 500 ብር የምትጥልበት ዕቁብ ነበራት፤ ዙሩ ሲያልቅ ወጣች። ዕቁብ ለነጋዴ ጥሩ የቁጠባ መንገድ ነው፣ ይህን አንክድም። ነገር ግን ግዴታው በየሳምንቱ እኩል ነው፤ የእሷ ገቢ ግን እኩል አይደለም። መጋቢትና ሐምሌ ላይ ዕቁቡን የምትጥለው ከቀብድ ነበር። ዕጣውም የሚወጣው በራሱ ቀን ነው፤ ልጅ የታመመ ዕለት አይወጣም።

የ2017 ዓመት ሲሄድ

መስከረም 25,000 ገባ። ደመወዙ ወጥቶ 12,000 ተረፈ፤ ልክ የብድሩን ያህል። የመጀመሪያ ሐሳቧ ሁሉንም ከፍላ ነፃ መውጣት ነበር። ግማሹን ብቻ እንድትከፍል የተመከረችው ከፊቷ ጥቅምትና ኅዳር ስላሉ ነው። ሌላው 6,000 ቋት ውስጥ ቀረ። ጥቅምት 13,000 ገብቶ ደመወዙን ብቻ ሸፈነ። ኅዳር 8,000 ገባ፤ ቋቱ 5,000 ጨምሮ ደመወዙን ሞላና 1,000 ብር ብቻ ይዞ ቀረ። ብድሩ መስከረም ላይ ሙሉ በሙሉ ተከፍሎ ቢሆን ኖሮ ኅዳር ላይ ፖስታዎቹ ይከፈቱ ነበር። አበዳሪው ዘመድ ስለሆነ መታገሡ ጠቀማት፤ ወለዱ ከባድ የሆነ የአራጣ ብድር ቢሆን ኖሮ ምክሩ የተለየ ይሆን ነበር።

ታኅሣሥ 21,000፣ ጥር 46,000 ገባ። ከጥር ትርፍ 33,000 ውስጥ 6,000 ለቀሪው ብድር፣ 10,000 ለክፉ ቀን፣ 17,000 ለቋት ተከፈለ። በዚህ ወር ቤት ውስጥ ክርክር ነበር፤ ልጆቹ የጥርን ኑሮ ለምደውታል። ከቁጥሩ ሁሉ ይልቅ ለቤቱ የከበደው ለውጥ ጥርን እንደ ኅዳር መኖር ነው። አንድ ነገር ብቻ ተፈቀደ፦ አዝመራ ገብቶ የጤፍ ዋጋ በሚረግብበት የካቲት ቋቱ 6,000 ብር አበደራትና ጤፍ ገዛች፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከደመወዟ በየወሩ 2,000 እየተቀነሰ ተመለሰ። ክረምት ላይ ጤፍ ከሚወደድበት ዋጋ አንጻር ሲታይ ይህ ከባንክ ወለድ የተሻለ አዋጥቷታል። ከእህል በቀር ለሌላ ነገር ከቋት መበደር ተከልክሏል።

ሚያዝያ 34,000፣ ግንቦት 27,000 ገባ። የክፉ ቀኑ ገንዘብ 24,000 ደረሰ፤ ቋቱም ግንቦት ሲያልቅ 44,000 ያዘ። ሁሉም የተሳካ መሰለ፤ ስህተቱ የታየው ሰኔ ላይ ነው። ዕቅዱ ካለፈው ዓመት በመነሣት ሰኔን 16,000 ብሎ ነበር፤ የገባው 6,000 ነው።

ምክንያቱ ባሕረ ሐሳብ ነው። በ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ስለዋለ የሐዋርያት ጾም የገባው ሰኔ 17 ነበር፤ ሠርግም እስከ ሰኔ አጋማሽ ዘለቀ። በ2017 ግን ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነው፣ ጾሙም ሰኔ 2 ገባ፤ የሠርጉ ወራት ሙሉ በሙሉ በግንቦት ተዘጋ። «አምና በዚህ ወር ስንት አገኘሁ» ብሎ መተንበይ ለሠርግ ልብስ ሰፊ፣ ለድግስ አብሳይ፣ ለቪዲዮ አንሺ፣ ለዶሮና በግ ነጋዴ ሁሉ አሳሳች ነው። ትክክለኛው መነጻጸሪያ ከፋሲካ በፊትና በኋላ ያለው የሳምንት ቁጥር ነው። ዕቅዱን ያወጣነው ሰዎች ይህን መስከረም ላይ ማየት ነበረብን፤ የበዓላቱ ቀን ያን ጊዜም የታወቀ ነበር።

ሁለተኛው ስህተት ደግሞ ግብሩ ነው። 12,000ው ቋት ውስጥ ተደባልቆ ስለተቀመጠ ቋቱ ከእውነቱ በላይ ሞልቶ ታየ። ሰኔ መጨረሻ ላይ 37,000 ይል ነበር፤ ከዚህ ውስጥ የእሷ 25,000 ብቻ ነው።

ለደካማ ወራት የተዘጋጀው በጀት ሥራ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። የሚጀምርበት ምልክት አስቀድሞ ተጽፎ ነበር፦ የአንድ ወር ገቢ ከታቀደው ግማሽ በታች ከሆነ በቀጣዩ ወር ደመወዙ ይወርዳል። የሚነሣው ደግሞ ቋቱ፣ ግብሩ ተቀንሶ፣ ሁለት ደመወዝ ማለትም 26,000 ሲሞላ ነው። ምልክቱ በጽሑፍ መኖሩ ጠቃሚ ነው፤ ሰው በደካማ ወር መካከል ሆኖ «የሚቀጥለው ሳምንት ይሻላል» ማለቱ አይቀርምና።

የወረደው ደመወዝ 9,500 ብር ነው፦ ኪራይ 3,500፣ ምግብና ከሰል 4,900፣ ዕድር 300፣ መብራትና ስልክ 400፣ የእናት መድኃኒት 400። ምግቡ ወደ 4,900 ሊወርድ የቻለው ጤፉ አስቀድሞ ጎታ ውስጥ ስለገባ ነው፤ ያለዚያ ይህ ቁጥር ወረቀት ላይ ብቻ ይቀር ነበር። ትምህርት ቤት ክረምት ላይ ዝግ ስለሆነ ክፍያ የለም፤ ትምህርት ባለባቸው ወራት ግን ወለሉ 11,000 ነው። ዕድሩና መድኃኒቱ አይነኩም። ዕድር ያቋረጠ ሰው የሚያጣው የወሩን መዋጮ ሳይሆን ቀብርና ሐዘን የሚሸከምለትን ሰው ነው።

ሐምሌ 3,000 ገባ፤ ግብሩ ተከፈለ፣ 9,500 ወጣ፣ ቋቱ 18,500 ላይ ቆመ። በዚያው ወር እናቷ ታመሙና ሕክምናው 7,500 ብር ጠየቀ። የመጀመሪያው 4,000 ከቤት፣ ቀሪው በማግስቱ ከባንክ ወጣ። እዚህ ላይ ረዳቷ አንድ ነገር ጠየቀቻት፦ «እትዬ፣ ፖስታዎቹ እኮ አሉ፤ በኋላ አይተኩም?» ፖስታዎቹ ውስጥ ያን ዕለት የአምስት ትዕዛዝ ቀብድ ነበር። አንዱም አልተከፈተም።

ነሐሴና ጳጉሜ 17,000 አስገቡ። ለሁለቱ 12,500 ወጣ። ዓመቱ ሲዘጋ ቋቱ 23,000፣ የክፉ ቀኑ ገንዘብ 16,500፣ ብድሩ ዜሮ ሆነ። የዓመቱ ጠቅላላ የተጣራ ገቢ 223,000 ብር ነው፤ ከአምናው በ17,000 ያነሰ።

ቋቱ 26,000 ስላልሞላ መስከረም 2018 የተጀመረው በሙሉ ደመወዝ ሳይሆን በ11,000 ነው። የ2018 ዕቅድ ሲወጣ ሁለት ነገር ተቀየረ። ግብሩ የራሱ ሂሳብ ተከፈተለትና ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ 1,000 ብር ይገባበታል። የወራቱ ትንበያም በፋሲካ ተቃኝቶ እንደገና ተጻፈ፦ ፋሲካ ሚያዝያ 4፣ ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 9፣ የሐዋርያት ጾም ግንቦት 24። ይህ ማለት የጥምቀት ማግሥት ሠርግ ከአምናው በስምንት ቀን አጠረ፣ የግንቦት የመጨረሻ ሳምንትም ከገበያ ወጣ። ስለዚህ የካቲት ከ14,000 ወደ 10,000፣ ግንቦት ከ27,000 ወደ 22,000 ዝቅ ተደርገው ተጻፉ፤ ጨርቅ ለመግዛት ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው ጉዞም ከመጋቢት ወደ የካቲት መጨረሻ ተሳበ።